«መሸጎጫ አጽዳ» የሚለው ማን ነው?

የስልኩን ቋንቋ ወደ አማርኛ የቀየረ ሰው «ቅንብሮች» ውስጥ ገብቶ አንዱን መተግበሪያ ቢከፍትና የማከማቻውን ገጽ ቢያይ፣ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ቁልፎች ያገኛል። አንዱ ማከማቻው እንዲጸዳ ያዛል። ሌላው «መሸጎጫ አጽዳ» ይላል። ሲያዩአቸው መንትያ ይመስላሉ፤ የሚያደርጉት ግን ለየቅል ነው። የመጀመሪያው መተግበሪያውን ልክ ዛሬ እንደተጫነ ያደርገዋል፤ የገቡበት መለያ ይወጣል፣ ያስተካከሉት ቅንብር ይጠፋል፣ ሌላ ቦታ ቅጂ የሌለው መልእክትም አብሮ ይሄዳል። ሁለተኛው ግን መተግበሪያው ፈጥኖ እንዲያገኛቸው ስልኩ ላይ ያቆያቸውን ጊዜያዊ ቅጂዎች ብቻ ያነሳል፤ ሲፈለጉ እንደገና ይመጣሉ።

ስለዚህ ቃል ማሰብ የጀመርኩት አንድ ሞባይል ጥገና ቤት ተራዬን ስጠብቅ ነው። ከፊቴ የነበሩት እናት «ሜሞሪ ሞልቷል እያለ ፎቶ አላነሳም አለኝ» ብለው ስልካቸውን ሰጡ። ወጣቱ አየና «እማማ፣ ካሹ ነው የሞላው፤ ካሹን ላጥፋልዎት?» አላቸው። እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን ሊነጥቁት ምንም አልቀራቸውም። «የምን ካሽ? በዚህ ስልክ ነው እኮ ገንዘብ የምቀበለው!» አሉት። ልክ ናቸው፤ «ካሽ» በከተማችን እጅ በእጅ የሚቆጠር ብር ነው። ወጣቱ ብዙ አላብራራም። ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞረና «መሸጎጫ» የሚለውን በጣቱ አሳያቸው። አነበቡት። «እ፣ የተሸጎጠ ነገር ኖሮ ነው? እሱንማ አውጣው» አሉና ተቀመጡ።

ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ነገሩን ግልጽ ያደርገው ነበር። ቪዲዮ የሚያዩበት መተግበሪያ በጠቅላላ ወደ 1.9 ጊጋ ባይት ይዟል። ከዚህ ውስጥ ራሱ መተግበሪያው 180 ሜጋ ባይት፣ የእሳቸው ውሂብ 520 ሜጋ ባይት ገደማ ነው። የቀረው 1.2 ጊጋ ባይት መሸጎጫ ነበር። ወጣቱ ቁልፉን ሲነካው መሸጎጫው ወደ ዜሮ ወረደ፤ 520ው ካለበት አልተነቃነቀም። ወጣቱ ሙያውን ያውቃል፤ ቃሉን ግን በአፉ አይለውም። እሳቸው ሙያውን አያውቁም፤ ቃሉ ግን ወዲያው ገባቸው። ይህን ቃል እዚያ ያስቀመጠው ሰው ምን አስቦ እንደሆነ ማወቅ ፈለግሁ።

የአንድሮይድ ምንጭ ኮድ ለማንም ክፍት ስለሆነ ለመፈለግ ፈቃድ አያስፈልግም። የቅንብሮች መተግበሪያ በስክሪን ላይ የሚታዩትን ቃላት በሙሉ ከፕሮግራሙ ለይቶ በየቋንቋው ፋይል ያስቀምጣል። የአማርኛው `values-am` በሚባል አቃፊ ውስጥ ነው። ፋይሉ ዘንድ ከደረሱ ፍለጋው አንድ መስመር ነው፦

```
grep -n "መሸጎጫ" res/values-am/strings.xml
```

(ለፈላጊ የሚጠቅም ነገር አለ፤ እንዲህ ያለ ፍለጋ ፊደልን እንጂ ድምፅን አያውቅም። «አጽዳ» የሚለውን በፀሐዩ «ፀ» ጽፈው ከፈለጉት አያገኙትም።) ከሚወጡት መስመሮች አንዱ፣ የውስጥ መለያ ቁጥሩን ትቼው፣ ይህን ይመስላል፦

```
<string name="clear_cache_btn_text">መሸጎጫ አጽዳ</string>
```

በግራ ያለው ስም ለፕሮግራሙ ነው፤ በየትኛውም ቋንቋ አይለወጥም። የሚለወጠው በመካከል ያለው ብቻ ነው። ተርጓሚው ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ይኸው ቁራጭ ነው፤ ገጹን፣ ከጎኑ ያለውን ቁልፍ፣ ከላዩ ያለውን ርእስ ላያይ ይችላል። ይህ ኋላ ላይ ብዙ ነገር ስለሚያስረዳ ይያዝልኝ።

ቃሉ በእንግሊዝኛው በኩል ከየት መጣ? መነሻው መደበቅ የሚል ትርጉም ያለው የፈረንሳይኛ ግስ ነው። ወደ ኮምፒውተር የገባበት ጊዜ ግን በትክክል ይታወቃል። አይቢኤም «ሲስተም 360 ሞዴል 85» የተባለውን ኮምፒውተር ሲሠራ፣ ማቀነባበሪያው ከዋናው ማህደረ ትውስታ ይልቅ እጅግ ይፈጥን ነበርና ሥራ ፈትቶ እንዳይጠብቅ በመካከላቸው ከ16 እስከ 32 ኪሎ ባይት የምትይዝ ትንሽ ፈጣን ማህደር አስገቡ። መሐንዲሶቹ በጽሑፋቸው «ከፍተኛ ፍጥነት ያለው ማቆያ» እያሉ ይጠሯት ነበር። ጽሑፉ ለአይቢኤም ሲስተምስ ጆርናል ሲቀርብ አዘጋጁ ላይል ጆንሰን ይበልጥ ገላጭ የሆነ ስም እንዲያመጡ ለመናቸው። ሲያጡ ጊዜ «ካሽ» የሚለውን እሱ ራሱ ሰጣቸው። ይህ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1967 ሲሆን ጽሑፉ በ1968 ታተመ፤ ቃሉም በዚያው ጸደቀ። መደበቅ ያሰኘው ፕሮግራሙ መኖሯን ስለማያውቅ ነው፤ ውሂቡን ከዋናው ማህደር ይጠይቃል፣ መልሱ ግን ከትንሿ ይመጣለታል።

እንግዲህ የአማርኛው ተርጓሚ ቃል በቃል ሄዶ ቢሆን ኖሮ «መደበቂያ» ይል ነበር። ያን ጊዜ እኒያ እናት ምን እንደሚሉ መገመት አይከብድም፤ በስልኬ ውስጥ ማን ምን ደበቀብኝ ማለታቸው አይቀርም። «ሸጎጠ» ግን ሌላ ነው። ሰው ገበያ ሲወጣ በመቀነቱ የሚሸጉጠው ገንዘብ ትንሽ ነው፣ ለገላው ቅርብ ነው፣ ወዲያው ሊያወጣው ያሰበው ነው፤ ዋናው ሀብቱ ቤት ተቀምጧል። የሞዴል 85ቷ ትንሽ ማህደር የምትሠራው ይህንኑ ነው። የስልኩም መሸጎጫ እንደዚሁ ነው፤ ዋናው ቪዲዮ ሩቅ አገልጋይ ላይ አለ፣ እዚህ ያለው ለቅርብ ጊዜ የተያዘ ቅጂ ነው። «ማከማቻ» ደግሞ «አከማቸ» ከሚለው የወጣ ስለሆነ ብዙ፣ የተቆለለና የሚቆይ ነገርን ያሳያል። ሁለቱ ቃላት በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ሲቆሙ የትኛውን ቢያጡ እንደሚቆጭዎ በራሳቸው ይናገራሉ። በእኔ እምነት ይህ በአማርኛ ምናሌ ውስጥ ካሉት ምርጥ ትርጉሞች አንዱ ነው።

ቅርጹም የተመታው ሁላችንም በምናውቀው ቅርጽ ነው። ቆረጠ መቁረጫ፣ ተቀመጠ መቀመጫ፣ ሸጎጠ መሸጎጫ። ከፈተ «መክፈቻ»፣ ከደነ «መክደኛ»፣ አወረደ «ማውረጃ» ሲሆኑ የመጨረሻዋ ፊደል እንደምትለሰልሰው፣ እዚህም «ጠ» ወደ «ጫ» ሄዳለች። ይህ ቅርጽ አንድ ነገር የሚደረግበትን ቦታ ወይም መሣሪያ ይሰይማል፤ ተናጋሪው ቃሉን ሰምቶት ባያውቅም ይረዳዋል።

ቃሉ የማያሳየው አንድ ነገር ግን አለ። መሸጎጫን በየቀኑ ማጽዳት ስልክ ያፈጥናል ብለው የሚያምኑ ብዙ ናቸው። የተነሳው ቅጂ ሲፈለግ እንደገና ከኢንተርኔት ስለሚወርድ ለጊዜው ያዘገያል፤ ጥቅልም ይበላል። ያጸዱት ጠቅሞ እንደሆነ ለማወቅ ከሳምንት በኋላ ያንኑ ገጽ ከፍተው ቁጥሩን ማየት ነው። ተመልሶ እዚያው ከደረሰ መተግበሪያው የሚፈልገው ያን ያህል ነው ማለት ነው። ማጽዳት የሚጠቅመው ቦታ ሲያልቅ፣ ወይም የተበላሸ ቅጂ ይዞ ገጽ አልከፍት ብሎ ሲያስቸግር ነው።

ከዚያ ወደ ሌሎች ሁለት የምናሌ ቃላት፣ ወደ «ሲንክ» እና ወደ «ቶግል»፣ ዞርኩ፤ «ሲንክ» ጋ ችግሩ መልኩን ለወጠ። እንግሊዝኛው አንድ አጭር ቃል ነው፤ የገጽ ርእስ ሲሆንም፣ ቁልፍ ሲሆንም፣ በአረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባም አይለወጥም። አማርኛ ግን ወይ ስም ወይ ግስ በል ብሎ ያስጨንቃል። ርእስ ከሆነ «ማመሳሰል»፣ ቁልፍ ከሆነ «አመሳስል»፣ ስልኩ ሥራ ላይ ከሆነ «በማመሳሰል ላይ» መባል አለበት። ተርጓሚው ገጹን ካላየ የትኛው እንደሆነ በምን ያውቃል? ያን ጊዜ ነው በግራ ያለው የፕሮግራም ስም ጥቅም የገባኝ። `btn` ያለበት ቁልፍ ነው፣ `title` ያለበት ርእስ ነው፣ `summary` ያለበት ከርእሱ ሥር በትንሹ የሚጻፍ መግለጫ ነው። ያን ያላነበበ ተርጓሚ በቁልፍ ላይ ስም፣ በርእስ ላይ ትእዛዝ ጽፎ ይሄዳል። ርእስ በሚገባው ቦታ «አመሳስል» የሚል ትእዛዝ ተሰቅሎ ካዩ፣ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ይህ ነው።

ይህን እያየሁ ሳለ ለብዙ ጊዜ ይከነክነኝ የነበረ ሌላ ጥያቄ ተነሳ። በአማርኛ ትእዛዝ ያለ ጾታና ያለ አክብሮት አይወጣም፤ አጽዳ፣ አጽጂ፣ ያጽዱ። ምናሌው ለምን «አንተ» ይለናል? ለእናትና ለአባት «አጽዳ» የሚል ስልክ ስድ አይደለም ወይ? ደግሞ እዚያው ገጽ ላይ ማብራሪያው «መታ ያድርጉ» ብሎ አንቱ ይላል። መጀመሪያ ሁለት ተርጓሚዎች ሳይስማሙ የሠሩት መስሎኝ ነበር።

ቁልፎቹን ብቻ ለይቶ ማንበብ ጥያቄውን ይፈታዋል። እሺ። ይቅር። ሰርዝ። አመሳስል። መሸጎጫ አጽዳ። «እሺ» የሚለው ስልኩ ሊሆን አይችልም፤ የተጠየቀው ሰው የሚመልሰው ነው። «ይቅር»ም የሰውየው ቃል ነው። ስለዚህ «አጽዳ» ስልኩ ለእማማ የሰጠው ትእዛዝ አይደለም፤ እማማ ለስልኩ የሚሰጡት ነው። ዕቃ ደግሞ አንቱ አይባልም። ማብራሪያው ጋ ሲደርስ ግን ተናጋሪው ስልኩ ነው፤ ለባለቤቱ ስለሚናገር «ያድርጉ» ይላል። ገጹ በሙሉ የሁለት ተናጋሪዎች ንግግር ነው፤ ቁልፉ የሰውየው፣ ጽሑፉ የስልኩ። እንዲህ ከተነበበ ግራ የሚያጋባው አንተና አንቱ ቦታ ቦታውን ይይዛል። ቁልፍ ላይ «ያጽዱ» ብሎ መጻፍ አክብሮት መስሎ ይታያል እንጂ ሰው የገዛ ስልኩን አንቱ እንዲል ያደርገዋል።

ወደ «አመሳስል» ልመለስ። የእንግሊዝኛው ቃል ሥሩ ግሪክ ነው፤ አብሮነትንና ጊዜን የሚያጣምር ነው። አማርኛው ጊዜን ትቶ መምሰልን ያዘ። መሰለ፣ ተመሳሰለ፣ አመሳሰለ፤ ሁለት ነገሮችን እርስ በርስ አንድ ዓይነት ማድረግ። ስልክ ላይ የሚሆነውን ያየ ሰው አማርኛው ይበልጥ እውነት እንደሆነ ይስማማል። የስልኩ የስም ዝርዝርና በመለያው ሥር ያለው ዝርዝር በአንድ ቅጽበት መለወጥ የለባቸውም፤ ኢንተርኔት ሲገኝ፣ ከሰዓታትም በኋላ ቢሆን፣ አንድ ዓይነት ይሆናሉ። ድምፁ ከተናጋሪው ከንፈር ጋር አልገጥም ላለ ፊልም ግን ቃሉ አይሆንም፤ እዚያ የሚፈለገው ጊዜ ነውና «ማጣጣም» ይሻላል።

«ማመሳሰል» ያልተናገረው አንድ ነገር አለ፤ ማን ማንን እንደሚመስል። በአንዱ በኩል 300 ስም፣ በሌላው 299 ቢኖር፣ አንዱን ጨምሮም አንዱን ቀንሶም ማመሳሰል ይቻላል። የተለመደው አደጋ እንዲህ ነው የሚደርሰው። አንድ ሰው አዲስ ስልክ ይገዛና አሮጌውን ለእህቱ ይሰጣታል፤ የጉግል መለያውን ግን ከአሮጌው ላይ አላነሳም። እህት የማታውቃቸውን ስሞች አንድ በአንድ ትሰርዛለች። በዚያው ቀን የወንድሟ ስልክ ላይ ስሞቹ መጥፋት ይጀምራሉ። ስልኩ አልተበላሸም፣ ቫይረስም አልገባም፤ የታዘዘውን ፈጽሞ ሁለቱን አመሳስሏል። ለመለየት ቀላል ነው፤ የጠፉት ስሞች በመለያው የዕውቂያዎች ዝርዝር ላይም ከሌሉና መጣያው ውስጥ ከተገኙ ጥፋቱ የመጣው በማመሳሰል ነው። እዚያ ለ30 ቀን ስለሚቆዩ ይመለሳሉ። መድኃኒቱ አሮጌውን ስልክ ከመስጠት በፊት መለያውን ማስወገድ ነው።

ይህን አደጋ የሚያባብሰው ሰዎች ማመሳሰልን ከ«ምትኬ» ጋር አንድ አድርገው ማየታቸው ነው። ምትኬ የሰው ስምም ነው፤ ላጣሁት ምትክ የሆነልኝ ማለት። በስልኩም ትርጉሙ ያው ነው፤ ዋናው ሲጠፋ የሚተካ ቅጂ። ማመሳሰል ግን ዋናው ሲጠፋ ቅጂውንም ያጠፋል፤ መምሰል አለበትና።

«ቶግል» የቀረ ቃል ነበር፤ ከእሱ ብዙ አልጠበቅሁም፣ ግን አማርኛ እዚህ ሀብታም ሆኖ ተገኘ። ነገሩ ስም ሲሆን የምንፈልገው ቃል ከኤሌክትሪክ ሠራተኞች ዘንድ አለ፤ «ማብሪያ ማጥፊያ»። ግድግዳ ላይ ያለውን የሚያውቅ ሁሉ ስክሪን ላይ ያለውን ያውቀዋል። ይሁንና ሁሉም ቶግል አያበራም አያጠፋም። የጽሑፍ ገበታውን ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚያዞረው ቁልፍ ምንም አላጠፋም። ለእሱ የሚሆነው «ቀያይር» ነው። «ቀይር» ቢባል አንድ ጊዜ ለውጦ ማለፍ ይሆን ነበር፤ መካከሉ ሲደገም ግን ወዲያና ወዲህ መመላለሱ ይመጣል። «አመሳሰለ»ም ውስጥ ያው ድግግሞሽ አለ፤ እዚያ የሚያሳየው በሁለት ነገሮች መካከል መሆኑን ነው። እንግሊዝኛ ለእያንዳንዱ ከባሕረኛና ከግሪክ ቃል ሲዋስ፣ አማርኛ ሁለቱንም የሠራቸው ፊደል በመድገም ነው።

ማብሪያ ማጥፊያው ላይ ግን መጠንቀቅ የሚገባ ነገር አለ፤ ከጎኑ የሚጻፈው ቃል ሁኔታ ነው ወይስ ትእዛዝ? «ጠፍቷል» ከተባለ አሁን ያለበትን ይናገራል። «አጥፋ» ከተባለ አሁን በርቷል ማለት ነው፤ ነክተህ አጥፋው ነው። ሁለቱን በአንድ ገጽ የሚያቀላቅል መተግበሪያ ተጠቃሚውን ሁለቴ ያስነካዋል። «ጠፍቷል» ራሱ ሌላ ጣጣ አለው። ሰው ደውሎ «ስልኩ ጠፍቷል» ሲል ተዘግቷል ማለቱ ይሁን ተሰርቋል አይታወቅም። በንግግራችን ደግሞ ፎቶም «ይጠፋል»፣ መብራትም «ይጠፋል»። የአንድሮይድ ተርጓሚዎች ይህን ለማምለጥ «አጥፋ»ን ለመብራቱ ወገን ትተው፣ ለፎቶውና ለፋይሉ «ሰርዝ»ን ወሰዱ፤ ሐሳብን ለመተው ደግሞ «ይቅር»ን። በስልኩ ውስጥ ክፍፍሉ ንጹሕ ነው።

ኮምፒውተር ላይ ግን ሌላ ክፍፍል አለ። በሊብሬኦፊስ የአማርኛ ምናሌ ቁልፎቹ ትእዛዝ ሳይሆኑ የመሣሪያ ስም ናቸው፤ ጾታና አክብሮት የሚባለው ጥያቄ በዚያ አይነሳም። መጥፋት ያለበትን ነገር የሚያጠፋው «ማጥፊያ» ነው፤ ሐሳብን ለመተው የሚነካው ደግሞ «መሰረዣ»። ያው «ሰረዘ» እዚህ የሚያድን፣ እዚያ የሚያጠፋ ሆነ። ቢሮ በኮምፒውተር ሲሠራ ውሎ ስልኩን የሚያነሳ ሰው፣ «ሰረዘ» ያለበት ቁልፍ ሲገጥመው ጎረቤቱን ያንብብ። ከጎኑ ያለው «እሺ» ከሆነ የሚሰረዘው ትእዛዙ ነው፤ ከጎኑ ያለው «ይቅር» ከሆነ የሚሰረዘው ፋይሉ ነው።